የሄዱትን ሥራ የወረስን ሰዎች

(አዲስ አበባ ውስጥ ለእርዳታ ድርጅት ሠራተኞች በተዘጋጀ ምሽት ላይ ያደረግኩት ንግግር። ለንባብ እንዲመች ጥቂት ቦታ ላይ አስተካክዬዋለሁ።)

እንደምን አመሻችሁ። አብዛኞቻችሁ በቀጥታ ከቢሮ እንደመጣችሁ አውቃለሁ። ከዚህ ወጥታችሁ ቤት ስትገቡ ላፕቶፕ የምትከፍቱ እንዳላችሁም አውቃለሁ። ስለዚህ ሳላንዛዛ ወደ ነገሬ ልግባ።

ዛሬ የማወራው ባልደረቦቻችን ከሥራ ሲቀነሱ ስለቀረነው ሰዎች ነው። የስንብት ደብዳቤው ስላልደረሰን። ከተቀነሱት ጋር ስንነጻጸር ስለራሳችን ለማውራት ስለምናፍር ሰዎች። ቤተሰብ "እንኳን አንተን አላገኘህ፣ ተመስገን በል" ሲለን አንገታችንን ደፍተን "ተመስገን" የምንል፣ ከዚያ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ዓይናችን የሚፈጥጥ።

እኔ የሰው ኃይል ባለሙያ ነኝ። በ2017 ዓ.ም. እሠራበት በነበረው የእርዳታ ድርጅት ውስጥ የስንብት ደብዳቤዎቹን ያተምኩት እኔ ነኝ። ፖስታ ውስጥ የከተትኩት፣ አንድ በአንድ እያስጠራሁ ያስፈረምኩትም እኔ ነኝ። ራሴ ግን ቀረሁ። ስለዚህ የምነግራችሁ ነገር የተወሰነው ያነበብኩት ነው፣ የተወሰነው ከሰዎች ጋር ቁጭ ብዬ የሰማሁት ነው፣ የተወሰነው ደግሞ የራሴ ነው።

ነገሩ እንዴት እንደመጣ ታስታውሳላችሁ። በጥምቀት ማግስት፣ ጥር 12 ቀን፣ የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ዶናልድ ትራምፕ የውጭ እርዳታ ለ90 ቀናት እንዲቆም ትእዛዝ ፈረሙ። ጥር 16 "ሥራ አቁሙ" የሚለው መመሪያ ወጣ። መጋቢት 1 ላይ ከአሜሪካው የእርዳታ ድርጅት ከዩኤስኤድ ፕሮግራሞች 83 በመቶው መሰረዛቸው ተነገረ። ሰኔ 24 ድርጅቱ ራሱ ተዘጋ። እኛ አገር በጤናው ዘርፍ ብቻ፣ በወቅቱ እንደተዘገበው፣ በአሜሪካ ገንዘብ በኮንትራት ተቀጥረው የነበሩ ወደ 5,000 የሚጠጉ የጤና ሠራተኞች ውላቸው ተቋርጧል።

የቅነሳው አመጣጥ ለዛሬው ጉዳያችን ትርጉም አለው። ማንም ሰው ሥራው ስላልሠመረለት አልተቀነሰም። ጎበዙም ሰነፉም እኩል ሄደ። ደመወዝህ ከየትኛው ፕሮጀክት እንደሚወጣ ነበር የወሰነው። አንድ ጠረጴዛ የሚጋሩ ሁለት ሰዎች፣ አንዷ ከአሜሪካ ገንዘብ ሌላዋ ከአውሮፓ ገንዘብ የሚከፈላቸው። አንዷ ሄደች፣ አንዷ ቀረች። ምክንያቱ አንድ የበጀት ኮድ ነው።

ምክንያቱ እንዲህ ሲሆን የቀረው ሰው የሚይዘው ነገር ያጣል። "ከእሷ የተሻልኩ ስለሆንኩ ነው የቀረሁት" እንዳይል፣ እንዳልሆነ ያውቃል። "እሷ አጥፍታ ነው" እንዳይል፣ ምንም አላጠፋችም። ያለ ምክንያት የተገኘ ነገር ደግሞ የራስ አይመስልም። ተበድረህ የያዝከው ነው የሚመስለው።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ የዛሬው ነገር ሁሉ የሚያያዘው እዚህ ላይ ነው።

ሰው ሲሞት ምን እንደምናደርግ እናውቃለን። ለቅሶ እንደርሳለን። ምንም የምንለው ባይኖረንም ሄደን ቁጭ እንላለን። ዕድሩ ድንኳን ይተክላል፣ ጎረቤት እንጀራ ይዞ ይመጣል። "እግዜር ያጥናሽ" እንላለን። የቀረው ሰው የሚያደርገው ነገር አለው፤ ያንን ሲያደርግ ልቡ ትንሽ ያርፋል። ባልደረባችን ከሥራ ሲወጣ ግን ምንም ሥርዓት የለንም። ምን እንደሚባል አናውቅም። "አይዞህ" እንላለን፣ ካርቶኑን እስከ ታክሲው እናግዘዋለን፣ በቃ። ከዚያ በኋላ ለመደወል እናፍራለን። "ደውዬ ምን እለዋለሁ? ሥራ እንዴት ነው ቢለኝ ምን እመልሳለሁ?" አንድ ሳምንት ያልፋል፣ አንድ ወር ያልፋል። ባልደወልን ቁጥር መደወሉ እየከበደ ይሄዳል።

ታዲያ የዕዳ ስሜቱ የት ይገባል? ለሰውዬው መክፈል አልቻልንም። ስለዚህ ለሥራው እንከፍላለን። የሄደውን ሰው ሥራ እንሸከማለን።

ይህን በመጀመሪያ ያሳየው የምርምር ሥራ በፈረንጆቹ 1985 የታተመ ነው። ጆኤል ብሮክነር የሚባል አሜሪካዊ ተመራማሪ ከባልደረቦቹ ጋር የሠራው ነው። ተማሪዎችን ሰብስበው ጽሑፍ እንዲያርሙ ሰጧቸው፤ ስህተት እየፈለጉ ማረም ነው ሥራው። መሀል ላይ አብሯቸው የሚሠራ አንድ ሰው ተነስቶ እንዲሄድ ተደረገ። ሰውዬው በእውነቱ የተመራማሪዎቹ ሰው ነበር፤ ተማሪዎቹ ግን እንደነሱ ዓይነት ተማሪ ነበር የመሰላቸው። ያለ ጥፋቱ ሲባረር ዓይናቸው እያየ ነው። ከዚያ የቀሩት ሥራቸውን ቀጠሉ።

ምን ሆነ? የቀሩት ከበፊቱ የበለጠ ብዙ ሠሩ። ማንም አላዘዛቸውም። ግን የእርማታቸው ጥራት አልጨመረም። ብዙ ገጽ ገለበጡ እንጂ የተሻለ አላረሙም።

ይህን ሳነብ የራሴን ቢሮ ነበር ያየሁት። ከቅነሳው በኋላ ያሉት ሦስት ወራት የሥራ ሰዓት መዝገባችን ሞልቶ ነበር። ሰው እስከ ምሽት ሁለት ሰዓት ይቆያል። አለቆች "ሠራተኛው እንዴት ቆራጥ ሆነ" ይላሉ። ያ ቆራጥነት አልነበረም። ሰው ያልተበደረውን እየከፈለ ነበር።

ከዚህ የጥፋተኝነት ስሜት ጋር ደግሞ ስጋቱ አለ። ሁለቱ አንድ ላይ ይኖራሉ እንጂ አንድ አይደሉም። ጥፋተኝነቱ ወደ ኋላ ያያል፤ "ለምን እሷ?" ይላል። ስጋቱ ወደ ፊት ያያል፤ "ቀጣዩ ዙር መቼ ነው?" ይላል። በምን እንደምታውቁት ልንገራችሁ። አለቃህ "ነገ ጠዋት ብቅ በልና እንነጋገር" ብሎ በቴሌግራም ሲጽፍልህ፣ ያንን መልእክት አስር ጊዜ ካነበብከው ስጋት ነው። ፋይናንስ ክፍል በሩን ዘግቶ ስብሰባ ሲቀመጥ ኮሪደሩ ላይ ሰው ቢበዛ ስጋት ነው። የዓመት ፈቃድ እያለህ "አሁን ብወጣ ያለ እኔ መሥራት እንደሚቻል ያያሉ" ብለህ ከተውከው ስጋት ነው።

አሁን ሁለቱን አንድ ላይ አድርጓቸው። ጥፋተኝነቱ "ተጨማሪ ሥራ ተቀበል" ይላል። ስጋቱ "እምቢ እንዳትል" ይላል። ለዚህ ነው የቀረ ሠራተኛ ሥራ ሲጨመርበት የማይከራከረው። "ሥራ ያለው ሰው እንዴት ያማርራል?" የሚለው አፋችንን ይዘጋዋል።

ሰውነት ግን ይከራከራል። በፊንላንድ በፈረንጆቹ 1991 እስከ 1993 ከባድ የኢኮኖሚ ቀውስ ነበር። የከተማ አስተዳደሮች ብዙ ሠራተኛ ቀነሱ። በኋላ ተመራማሪዎች በአራት ከተሞች የቀሩትን 22,430 ሠራተኞች ለዓመታት ተከታተሏቸው፤ ውጤቱ በፈረንጆቹ 2004 ታተመ። ከ18 በመቶ በላይ ሰው በተቀነሰባቸው ቦታዎች የቀሩት ሠራተኞች በልብና በደም ሥር በሽታ የመሞት ዕድላቸው፣ ምንም ካልተቀነሰባቸው ቦታዎች ሠራተኞች ጋር ሲነጻጸር፣ እጥፍ ሆኖ ተገኘ። እነዚህ ያልተባረሩት ናቸው። "እንኳን ተረፋችሁ" የተባሉት።

ከዚያው ጥናት አንድ ሌላ ነገር ከአእምሮዬ አይወጣም። ብዙ ሰው በተቀነሰበት ቦታ ቋሚ ሠራተኞች የሕመም ፈቃድ መውሰዳቸው ጨመረ። ጊዜያዊ ሠራተኞች ዘንድ ግን አልጨመረም። ስላልታመሙ ነው? እኔ አይመስለኝም። ውልህ በየስድስት ወሩ የሚታደስ ከሆነ ታመምኩ ብሎ መቅረት ቀላል አይደለም። በዚህ አዳራሽ ውስጥ ያላችሁት አብዛኞቻችሁ የኮንትራት ሠራተኞች ናችሁ። ስለዚህ አለቆች፣ እባካችሁ፣ "ማንም የሕመም ፈቃድ አልወሰደም፣ ስለዚህ ደህና ናቸው" አትበሉ።

አሁን ስለ አንዲት ባለሙያ ልንገራችሁ። እንድናገር ፈቅዳልኛለች፤ ማንነቷ እንዳይታወቅ አንዳንድ ነገር ለውጫለሁ። በአንድ የጤና ፕሮጀክት ውስጥ የመረጃ ባለሙያ ናት። የኤችአይቪ ሕክምና የሚሰጡ ጤና ጣቢያዎችን መረጃ ትሰበስባለች፣ ታመሳክራለች። ቡድኑ አሥራ አንድ ሰው ነበር፤ አራት ቀሩ። እሷ የሁለት ሰው ሥራ ወረሰች። አንዱ እንደሷ መረጃ ላይ የነበረ ልጅ ነው። ሌላዋ ሥልጠናዎችን የምታስተባብር፣ ለአምስት ዓመት አብራት ምሳ የበላች ጓደኛዋ ናት።

እኔ ጋ ስትመጣ ያለችኝ "መርሳት ጀመርኩ" ነው። የአንድ ጤና ጣቢያ ቁጥር ሁለት ጊዜ ቆጥራ ሪፖርት ልካ ነበር። በስምንት ዓመት እንዲህ ዓይነት ስህተት ሠርታ አታውቅም። "ሰነፍኩ መሰለኝ" አለችኝ። በቀን አሥራ ሦስት ሰዓት እየሠራች።

ወረቀት አወጣንና የምትሠራውን ሁሉ ጻፍን። ከእያንዳንዱ ሥራ ጎን በወር ስንት ሰዓት እንደሚወስድና ከማን እንደመጣ ጻፍን። የሚደብር ሥራ ይመስላል። ግን ይህን ሳያደርጉ "በዝቶብኛል" ማለት አለቃም ጆሮ አይገባም፣ ራስንም አያሳምንም።

የራሷ ሥራ በወር 150 ሰዓት ይወስዳል። ከልጁ የወረሰችው 60። ከጓደኛዋ የወረሰችው 45። ፕሮጀክቱን ለመዝጋት የሚያስፈልገው ሰነድ ደግሞ 30። ድምሩ 285 ሰዓት። በውሏ መሠረት የምትሠራው በቀን ስምንት ሰዓት፣ በወር 22 ቀን፣ 176 ሰዓት ነው። ትርፉ 109 ሰዓት።

የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ትርፍ ሰዓት በቀን ከ4፣ በሳምንት ከ12 ሰዓት እንዳይበልጥ ይላል። በወር ሲታሰብ ወደ 52 ሰዓት ነው። ማለት ሕጉ የሚፈቅደውን የመጨረሻውን ብትሠራ እንኳ 57 ሰዓት የትም የማይገባ ሥራ ይተርፋል። ቁጥሩን ስታየው ዝም አለች። ከዚያ "ስለዚህ እኔ አይደለሁም ማለት ነው" አለች። አይደለችም። ሒሳቡ ነው የማይገጥመው። የምትሠራው ስህተትም ከስንፍና የመጣ አልነበረም፤ ሰው በቀን አሥራ ሦስት ሰዓት ሲሠራ መጀመሪያ የሚሄድበት ነገር ማመሳከር ነው።

ከዚያ ከእያንዳንዱ ሥራ ጎን አንድ ጥያቄ ጻፍን፦ ይህ ቢቀር በዚህ ወር ማን ይጎዳል? ተቋሙ ወይም ለጋሹ በሚል መልስ አላለፍነውም፤ የትኛው ሰው ነው የሚጎዳው?

ከልጁ የወረሰችው ውስጥ 25 ሰዓት የሚወስድ ሥራ አለ። መድኃኒት የሚወስዱበት ቀን ያለፈባቸውን ታካሚዎች ዝርዝር አውጥቶ ለጤና ጣቢያዎቹ መላክ ነው፤ እነሱ ደውለው እንዲፈልጓቸው። ይህ ቢቀር ሰው ይጎዳል። ምንም አልነካነውም። ቀሪው 35 ሰዓት ጤና ጣቢያ እየዞሩ መዝገብ ማየት ነበር። በየወሩ ሁሉንም ከመዞር ግማሹን በአንዱ ወር፣ ግማሹን በሚቀጥለው ብታደርግ 18 ሰዓት ይቀንሳል። አንዳንድ ስህተት ዘግይቶ ይገኛል። ያንንም ጻፍነው፤ ያለ ኪሳራ የሚቀነስ ሥራ እንደሌለ አለቃዋ እንዲያውቅ።

የጓደኛዋ 45 ሰዓት ላይ ስንደርስ ነው ነገሩ የተገለጠው።

አንደኛው ሥራ በየሳምንቱ የሚላክ የሥልጠና ሪፖርት ነበር። ለማን ነው የምትልኪው አልኳት። የለጋሹ ቢሮ ውስጥ ለነበረ አንድ ኃላፊ። እሱስ አለ? ዝም አለች። እሱም ተቀንሷል። ለሦስት ወር ያህል በየሳምንቱ ዓርብ ለሌለ ሰው ሪፖርት ስትልክ ነበር። መልስ አለመምጣቱ አልገረማትም፤ ድሮም ብዙ አይመልስም ነበር።

ሁለተኛው የሠልጣኞች መዝገብ ነው። የጤና ባለሙያዎች ስም፣ የሠለጠኑበት ቀን፣ ቀጣዩ ሥልጠና። ሥልጠናው በሙሉ ተሰርዟል። የሚሠለጥን ሰው የለም። እሷ ግን በየሳምንቱ ማታ ማታ ትሞላዋለች፤ ስልክ ቁጥር ታስተካክላለች፣ ጤና ጣቢያ የቀየረውን ታዛውራለች። ለምን አልኳት። ብዙ ቆይታ፣ "ስትመለስ ባዶ እንዳታገኘው ብዬ ነው" አለችኝ።

ከዚያ አለቀሰች። እኔም እንባዬን ያዝኩት ብል ውሸት ነው።

ያ ፋይል ሥራ አልነበረም። ሐዘን ነበር። ጓደኛዋን ስልክ ደውላ ማግኘት አፍራ፣ በየማታው የጓደኛዋን ፋይል እየከፈተች አጠገቧ ትቀመጥ ነበር። እዚህ ያላችሁት፣ ነገ ቢሮ ስትገቡ የሥራ ዝርዝራችሁን ስትጽፉ እንዲህ ዓይነት ፋይል ፈልጉ። ማንም ያልጠየቀው፣ ማንም የማያነበው፣ ግን ማቆም እንደ ክህደት የሚመስላችሁ ሥራ። ብዙ ጊዜ አንድ አይጠፋም።

ፋይሉን አልሰረዝነውም። ያለበትን ቀን ጻፈችበት፣ እንዴት እንደሚቀጠል ግማሽ ገጽ ማስታወሻ አስገባችበት፣ ዘጋችው። 45 ሰዓቱ ሙሉ በሙሉ ወጣ።

አሁን ሒሳቡ እንዲህ ሆነ። ከ285 ላይ 45 ሲቀነስ 240፤ 18 ሲቀነስ 222። ከ176 በላይ 46 ሰዓት ነው። አሁንም ብዙ ነው። ነገር ግን ከሕጉ ጣሪያ በታች ነው። ከዚያ ውስጥ 30ው የመዝጊያ ሰነዱ ነው፤ እሱ ደግሞ በሁለት ወር ያልቃል። ከዚያ በኋላ የሚተርፈው 16 ሰዓት ብቻ ነው።

ወረቀቱን ይዛ አለቃዋ ጋ ገባች። ምን ማለት እንዳለባት ተለማምደን ነበር። "በዝቶብኛል" አትበይ አልኳት። "ይኸው 285 ሰዓት ነው፤ 63ቱን ለማውጣት ያሰብኩት እንዲህ ነው፤ 46ቱ ይተርፋል። ትርፍ ሰዓት ይከፈለኝ ወይስ የትኛውን እንድተው ይወሰንልኝ?" ብለሽ ጠይቂ። አለቃዋ የትርፍ ሰዓት በጀት የለኝም አለ፤ እውነቱን ነበር። ስለዚህ ከራሷ ሥራ ውስጥ ሁለት ውስጣዊ ሪፖርቶች በየወሩ መሆናቸው ቀርቶ በየሩብ ዓመቱ እንዲሆኑ ወሰነ፤ ለቀረው ትርፍ ሰዓት ምትክ ዕረፍት ሰጣት። እሷም ያንኑ ቀን "እንደተነጋገርነው" ብላ በኢሜይል ላከችለት። ኢሜይሉ አለቃውን ለመክሰስ አይደለም። ከሦስት ወር በኋላ "የጤና ጣቢያ ጉብኝቱ ለምን ተጓተተ?" ተብሎ ሲጠየቅ የተወሰነ ነገር መሆኑ እንዲታወቅ ነው።

ሁሉም አለቃ እንዲህ አይመልስም። "ሌላው ችሎ የለ እንዴ?" የሚል አለ። "በሩ ክፍት ነው" የሚልም አለ፤ ይህን የሰሙ ሰዎች አዳራሹ ውስጥ እንዳሉ ከፊታችሁ አያለሁ። እንዲህ ካለ ወረቀቱ ሥራውን አይቀንስላችሁም። ግን አንድ ነገር ያደርጋል፤ "እኔ ነኝ ችግሩ" የሚለውን ያነሳላችኋል። ያ ብቻውን እንቅልፍ ይመልሳል፣ አይቻለሁ።

ለአለቆች ሁለት ነገር ብቻ ልበል። አንደኛ፣ ሰው እንዴት እንደተመረጠ ተናገሩ። የበጀት ኮድ ከሆነ የበጀት ኮድ ነው በሉ። እኛ ቢሮ ለሁለት ወር ዝም ተባለ። በዚያ ዝምታ ውስጥ "እከሌ ስለ እከሌ ተናግሮ ነው" የሚል ወሬ ገባ፤ እስከ ዛሬ የማይነጋገሩ ሰዎች አሉ። ደብዳቤውን የሰጠሁት እኔ ስለሆንኩ እኔንም የጠረጠሩኝ ነበሩ። ዝም ማለቴ ትክክል እንዳልነበረ ዛሬ በአደባባይ እናገራለሁ። ሁለተኛ፣ የማታውቁትን ቃል አትግቡ። "ከዚህ በኋላ ማንም አይነካም" ተብሎ በስድስተኛው ሳምንት ሁለተኛ ዙር ሲመጣ ያየሁት ነገር ከመጀመሪያው ዙር የከፋ ነው። "እስከ መስከረም 30 በጀት አለን፤ ከዚያ በኋላ ያለውን አላውቅም፤ ነሐሴ 15 የማውቀውን እነግራችኋለሁ" ማለት ይበቃል። ሰው መጥፎ ዜና ይችላል። ቀን የሌለው ዜና ነው የሚከብደው።

አንድ ነገር ሳልል እንዳላልፍ። ይህ ሁሉ ሥራን በማስተካከል የሚቃለል ጭንቀትን የሚመለከት ነው። ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ እንቅልፍ ከጠፋ፣ ምግብ ካስጠላ፣ ድሮ የሚያስደስትህ ነገር ሁሉ ባዶ ከሆነ፣ ወይም "ባልኖር ይሻል ነበር" የሚል ሐሳብ ከመጣ ወረቀትና እስክሪብቶ አይበቃም። ሐኪም ጋ መሄድ ነው። የአእምሮ ሕክምና ሲባል የሁላችንም ሐሳብ አማኑኤል ላይ ይቆማል፤ ብዙ ሌሎች ሆስፒታሎችም የአእምሮ ሕክምና ክፍል አላቸው። ጸበል የምትሄዱም ሂዱ፣ መድኃኒቱን ግን በዚያ ምክንያት አታቋርጡ።

ንግግሬን እዚህ ላይ ጨርሼ ነበር። ጥያቄ ሲከፈት ከኋላ የተቀመጠ አንድ ሰው እጁን አነሳ። "እኔ ከቀሩት ውስጥ አይደለሁም" አለ። "ከተቀነሱት ነኝ። ጓደኛዬ ነው ይዞኝ የመጣው።" አዳራሹ ጸጥ አለ።

"ስለ እኛ የምታስቡትን ዛሬ ነው የሰማሁት" አለ። "እኛ ደግሞ የምናስበውን ልንገራችሁ። ለአራት ወር ማንም አልደወለልኝም። እኔ ያሰብኩት ረሱኝ ብዬ ነው። አፍራችሁ ነው ብዬ አላሰብኩም።"

ታዲያ ቢደወልልህ ምን እንዲባል ትፈልግ ነበር ብዬ ጠየቅኩት። ይቅርታ ይሆናል ብዬ ነበር የጠበቅኩት።

"ይቅርታማ ምን ያደርግልኛል፤ እነሱ አላባረሩኝ" አለ። "የሥራ ልምድ ደብዳቤዬ አልተጻፈልኝም። ክሊራንሴ ላይ አንድ ፊርማ ጎድሏል፤ የሚፈርመው ሰውዬ ራሱ ተቀንሷል። የፕሮቪደንት ፈንዴ በዚያ ምክንያት ተይዟል። አራት ጊዜ ሄጄ ዘበኛው መልሶኛል። ውስጥ ያለ ሰው በአሥር ደቂቃ ይጨርሰው ነበር።"

የሥራ ልምድ ማስረጃ መስጠት የአሠሪው ግዴታ መሆኑን ነገርኩት፤ እሱም ያውቀዋል። ከዚያ ከፊት ረድፍ አንዲት ሴት ዘወር ብላ "የትኛው ቢሮ ነው?" አለችው። ነገራት። "ክሊራንስ አሁን የሚፈርመው እኛ ክፍል ነው" አለችና ስሙንና የመታወቂያ ቁጥሩን በስልኳ ላይ ጻፈች።